ኮንሲለር ስትቀቢ ከአይንሽ ስር አመድ የሚመስለው ለምንድነው? ለጥቁርና ለጠይም ቆዳ የኮሬክተርና የኮንሲለር አመራረጥ

ጥያቄ፦ «ቆዳዬ ጥቁር ነው፣ ጠይም እንኳን አይባልም። ከአይኔ ስር ደሞ ከዛ የባሰ የጠቆረ ነገር አለብኝ፣ እናቴም አላት። ኮንሲለር ስቀባ አመድ የነካኝ ነው የምመስለው። ቲክቶክ ላይ አይቼ ስድስት ከለር ያለው ኮሬክተር ገዛሁ፣ ብርቱካናማውን ስቀባው ደሞ ብርቱካናማው ራሱ ከስር ይታያል። በሚቀጥለው ወር የእህቴ ሰርግ ነው፣ ሚዜ ነኝ፣ ምን ልግዛ?»

ምላሽ፦

አመድ የመሰልሽው ኮንሲለሩ ርካሽ ስለሆነ አይደለም፣ ለአንቺ ነጣ ያለ ስለሆነ ነው። ብርቱካናማውም የሚታየው አቀባቡን ስላልቻልሽበት ሳይሆን እሱም ለአንቺ ነጣ ያለ ስለሆነ ነው። ሁለት ችግር ይመስላል እንጂ አንድ ነው። ነጣ ያሉ ኮንሲለሮች ውስጥ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት በብዛት ይገባል፣ የመሸፈን አቅማቸውም በአብዛኛው ከሱ ነው የሚመጣው። ነጭ ነገር ደግሞ ስስ ሆኖ ጥቁር ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነገር ላይ ሲያርፍ ግራጫ ነው የሚሰጥሽ፣ ልክ ጥቁር ሰሌዳ በደንብ ሳይጠፋ ጠመኔው ተዳርሶበት እንደሚቀረው። ሰው ታዲያ ግራጫ ሲሆንበት ምን ያደርጋል፣ ይደርባል። ሲደረብ ግራጫው ይነጣል እንጂ አይጠፋም፣ ማታ ላይ ደሞ ይሰነጣጠቅና ሁለት አይነት ቀለም ይዘሽ ትውያለሽ።

እና «ከአይን ስር ሁሌ በሁለት ሼድ ነጣ ያለ ኮንሲለር ነው የሚቀባው» የሚለውን ነገር እርሺው። እሱ ምክር የሚሰራው ጥቁረት ለሌለበት፣ ለማብራት ብቻ ለሚቀባ ሰው ነው። ጥቁረት ካለ መጀመሪያ ጥቁረቱ ይስተካከላል፣ ማብራት ከፈለግሽ ከዛ በኋላ ነው፣ እሱም በትንሹ።

ከመግዛትሽ በፊት ግን ያለብሽ ምን አይነት ጥቁረት እንደሆነ እወቂ። ጠዋት ፊትሽን ታጥበሽ ምንም ሳትቀቢ መስኮት ጋ ቁሚ፣ የክፍሉን መብራት አጥፊው፣ የአምፖል ብርሃን ከላይ ስለሚመጣ ያታልልሻል። መስታወት ይዘሽ አገጭሽን ቀና አድርጊና ብርሃኑ ፊት ለፊት እንዲመታሽ አድርጊ። ጥቁረቱ ደህና አድርጎ ከቀነሰ እሱ ቀለም ሳይሆን ጥላ ነው፣ ማለትም ከአይንሽ ውስጠኛ ጥግ ተነስቶ ወደ ጉንጭ የሚወርደው ጎድጎድ ያለ መስመር ብርሃን እየከለከለ ነው። ቀጥለሽ ከአይንሽ ስር ያለውን ቆዳ በጣትሽ ቀስ ብለሽ ወጠር አድርጊው። ቡናማው ምንም ሳይቀየር ከቆዳው ጋር አብሮ ከሄደ የቆዳው የራሱ ቀለም ነው፣ ሜላኒን። ሲወጠር ወደ ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ከደመቀ ደግሞ ከስር ያሉት የደም ስሮች ናቸው የሚታዩት፣ ምክንያቱም የዛ አካባቢ ቆዳ ከሌላው ፊት በጣም የሳሳ ነው።

የእኛ አይነት ቆዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሜላኒኑ ነው ዋናው፣ ግን ንፁህ ቡናማ ሆኖ ብቻ አይገኝም። ሜላኒን ከቆዳው ላይኛው ክፍል ሲሆን ቡናማ ይመስላል፣ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ሲቀመጥ ግን ብርሃኑ ቆዳው ውስጥ ስለሚበታተን ሰማያዊ ግራጫ መስሎ ይታያል። ለዛ ነው ብዙ ሰው ላይ ውስጠኛው ጥግ ወደ ሰማያዊ፣ ውጪው ደሞ ቡናማ የሚሆነው። ይሄ ነገር አስፈላጊ ነው ምክንያቱም ኮሬክተር የሚሄደው ሰማያዊው ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ቡናማው ጋ ባትቀቢም ይቻላል፣ ቡናማ ራሱ እኮ የጠቆረ ብርቱካናማ ነው፣ በብርቱካናማ ላይ ብርቱካናማ ብትደርቢ ብርቱካናማው ነው የሚወጣው። ግማሹ ችግርሽ እዚህ ጋ ይመስለኛል።

እናቴም አላት ብለሻል፣ በቃ የቤተሰብ ነው። ዱባ ብትቀቢ፣ ድንች ብትለጥፊ፣ አስር ሰአት ብትተኚ አይለቅም። ሜካፕ ይሸፍነዋል፣ ማታ ታጥበሽ ስትወጪ ተመልሶ እዛው ነው።

አሁን ወደ ኮሬክተሩ። ሰማያዊን የሚያጠፋው ብርቱካናማ ነው፣ ይሄን ቲክቶክም ነግሮሻል። ያልነገረሽ ግን ብርቱካናማው ምን ያህል ጠቆር ማለት እንዳለበት ነው። ስድስት ከለር ያላቸው ፓሌቶች ውስጥ የሚገባው ብርቱካናማ ብዙ ጊዜ ቀላ ላለ ወይም ለመካከለኛ ቆዳ የተሰራ ነው። እኛ በምንጠራው ስም ላስቀምጥልሽ፣ ቀይ ዳማ ለሆነች ልጅ የኮክ ቀለም ወይም ሳልመን ይበቃታል፣ ለጠይም ደህና ብርቱካናማ፣ ላንቺ ግን ወደ ጡብ ቀለም የሚሄድ፣ ቀይ ያለበት ጠቆር ያለ ብርቱካናማ ነው የሚያስፈልግሽ። የፓሌቱ አረንጓዴ ለቀይ ብጉር ምልክት ነው፣ አንቺ ጋ ምንም አይሰራም። ሐምራዊውን ደግሞ ከአይንሽ ስር እንዳታስጠጊው፣ ጥቁር ቆዳ ላይ የሚጨምረው አመድ ብቻ ነው። ከስድስቱ አምስቱን ሳትጠቀሚበት ይደርቃል ማለት ነው፣ ለዛ ነው ፓሌት አትግዙ እያልኩ ሁሌ የምጨቃጨቀው።

ጠቆር ያለውን ካጣሽ፣ አዲስ አበባ ደሞ ማጣት ያለ ነው፣ ያለሽን ብርቱካናማ አትጣይው። ከፊትሽ በሁለት ሼድ የጠቆረ፣ ቀላ ያለ ቡናማነት ያለው ክሬም ኮንሲለር ወይም ፋውንዴሽን ትንሽ ጠብ አድርገሽ እጅሽ ጀርባ ላይ አዋህጂው። ብርቱካናማው ድምቀቱን ይቀንስና ወደ ጡብ ይሄዳል። እኔም ሥራ ላይ ሼድ ሲጎድለኝ የማደርገው ይሄንኑ ነው።

ቀይ ሊፕስቲክ የሚቀቡ አሉ። ነገሩ በሰፊው የታወቀው ዲፒካ ሙትያላ የምትባል ህንድ አሜሪካዊት በ2015 እ.ኤ.አ በለቀቀችው ቪዲዮ ነው፣ ሀሳቡም ትክክል ነው፣ ቀይና ብርቱካናማ ሰማያዊውን ይሰብራል። ግን እኔ አልመክርም። አሜሪካ ውስጥ የመድሃኒትና የኮስሞቲክስ ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ለከንፈር የፈቀደውን ቀለም ሁሉ ለአይን አካባቢ አልፈቀደም፣ የአይን አካባቢ የራሱ ፈቃድ አለው። ከዛ ሌላ ረጅም ሰአት የሚቆዩት ማት ሊፕስቲኮች ያደርቃሉ፣ አንዳንዶቹ ደሞ ቆዳውን አቅልመውት ይቀራሉ፣ ለማስለቀቅ ስትፈትጊ ደሞ መልሰሽ ታጠቁሪዋለሽ።

ኮሬክተሩ ልክ መሆኑን የምታውቂው ኮንሲለር ሳትደርቢበት ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ኮሬክተሩን ብቻ ቀብተሽ ከመስታወቱ አንድ ሜትር ያህል ራቅ በይ። ከአይንሽ ስር ያለው ቦታ ከጉንጭሽ ጋር የተቀራረበ ጥቁረት ኖሮት ትንሽ ሞቅ ያለ፣ ቀላ ያለ ቡናማ ከመሰለ በቃ አገኘሽው። ብርቱካን መስሎ ከሩቅ ፏ ካለ ወይ ነጥቷል ወይ በዝቷል። አሁንም ሰማያዊው ከታየ ቀይ ይጎድለዋል። ተመትቶ ያበጠ ቦታ መስሎ ከቀላ ቀዩ በዝቷል፣ ትንሽ ብርቱካናማ ጨምሪበት። ኮሬክተሩ ብቻውን ጥቁረቱን ሙሉ በሙሉ እንዲያጠፋልሽ አትጠብቂ፣ የሱ ሥራ ሰማያዊነቱን መግደል ነው፣ ሽፋኑ የኮንሲለሩ ነው።

ኮንሲለሩ እንግዲህ ከጉንጭሽ ጋር አንድ አይነት ይሁን። ፋውንዴሽን የምትቀቢ ከሆነ ከፋውንዴሽንሽ ጋር። ከዛ ነጣ ያለ ካማረሽ ግማሽ ሼድ፣ ቢበዛ አንድ፣ ከዛ አትለፊ። ሼዱ ብቻ ሳይሆን አንደርቶኑም አለ፣ ማለትም ቆዳሽ ከስሩ ወደ ወርቃማ ነው ወይስ ወደ ቀይ የሚያደላው። ጥቁር ቆዳ ላይ በክንድ ደም ስር ቀለም እያዩ መለየት የሚባለው ብዙም አይሰራም፣ ደም ስሩ ላይታይ ይችላል። ይልቅ ሁለት ኮንሲለር፣ አንዱ ወርቃማ አንዱ ቀላ ያለ፣ መንጋጭላሽ ላይ ጎን ለጎን አስምሪና ወደ አንገትሽ የሚጠፋልሽን ያዢ። ማክ የሚባለውን ብራንድ ስትገዢ ደሞ ተጠንቀቂ፣ ሼዱ ላይ ኤንሲ የሚለው ስሙ ቀዝቃዛ ማለት ቢሆንም ወርቃማና ቢጫ ላለው ቆዳ ነው፣ ኤንደብሊው የሚለው ሞቃት ተብሎ ሮዝና ቀይ ላለው ነው። ስሙን ብቻ አይተው ተገላቢጦሽ ገዝተው የሚመጡ ብዙ ናቸው።

ሱቅ ውስጥ ያለው መብራት ነጭ ነው፣ እዛ ስር ሁሉም ነገር ያምራል። ቴስተር ካለ መንጋጭላሽ ላይ ትንሽ ቀቢና በር ላይ ወጥተሽ በፀሐይ ብርሃን እይው፣ ከዛ ወዲያው አትግዢ፣ ማኪያቶሽን ጠጥተሽ ተመለሺ። አንዳንድ ኮንሲለር ከቆዳ ቅባትና ከአየር ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፣ ይሄን የምታዪው አስራ አምስት ሀያ ደቂቃ ሲሞላው ነው። እጅ ጀርባ ላይ መሞከር ከንቱ ነው፣ የእጅሽና የፊትሽ ቀለም አንድ አይደለም። ቴስተር የለም፣ ከከፈትሽ ግዢ የሚልሽ ሱቅ ከሆነ ደሞ ፋውንዴሽንሽን ይዘሽ ሂጂና ክዳኑ ላይ ካለው ከለር ጋር ሳይሆን ጠርሙሱ ውስጥ ካለው ጋር አስተያይው። ታሽጎ ያልመጣ፣ ሽታው የቀለም ቆርቆሮ የሚመስል፣ ቅባቱ ከላይ ተለይቶ የተቀመጠ ከሆነ በነፃም ቢሰጡሽ አትውሰጂ፣ አይን ነው።

አንዲት የሰራኋትን ልጅ ልንገርሽ፣ ካንቺ ጋር ስለሚመሳሰል። ቆዳዋ ጥቁር፣ ከስሩ ቀላ ያለ፣ ውስጠኛው የአይን ጥግ ሰማያዊ፣ ውጪው ቡናማ፣ ትንሽ ጎድጎድ ያለ መስመርም አላት። ይዛ የመጣችው ኮንሲለር ከፊቷ በሦስት ሼድ ገደማ የነጣ ነበር። መጀመሪያ ቀለል ያለ ክሬም ቀባሁላትና ቅንድቧን እየሰራሁ አምስት ደቂቃ ጠበቅኩት፣ ቆዳው ላይ ቅባት እየተንሳፈፈ ኮሬክተር ከተቀባ ይንሸራተታል፣ ቫዝሊን የሚቀቡማ አይሞክሩት። ከጡብ ቀለሙ ኮሬክተር ለሁለቱም አይን የምስር ፍሬ ግማሽ የማታክል ወስጄ እጄ ጀርባ ላይ ሞቅ አደረግኳት። ከውስጠኛው ጥግ ተነስቼ እስከ ብሌኗ ትይዩ ድረስ፣ ሰማያዊው ባለበት ብቻ፣ በቀለበት ጣቴ ነካ ነካ እያደረግኩ። መጎተት የለም፣ ከጎተትሽው ከመሀል ይነሳና ዳር ላይ ይከማቻል። ውጪው ቡናማ ጋ ምንም አልቀባሁም። ከዛ አንድ ሁለት ደቂቃ እንዲይዝ ተውኩት።

ቀጥሎ ከጉንጯ ጋር እኩል የሆነ ኮንሲለር ሦስት ነጥብ፣ በረጠበና በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ ጫን ጫን። ቀኝ አይኗ ላይ አሁንም ብርቱካናማ ፍንጭ ቀረ። እዚህ ጋ ነው ሁሉም ሰው የሚሳሳተው፣ ኮንሲለር ይጨምራል። ብርቱካናማ ከኮንሲለር በላይ ከወጣ ከስር ኮሬክተሩ በዝቷል ማለት ነው፣ መቀነስ ነው ያለበት። ስፖንጁን በንፁህ ጎኑ ጫን እያደረግኩ ትርፉን አነሳሁት፣ ከዛ ኮንሲለር በጣም ትንሽ መለስኩበት፣ ጠፋ። መጨረሻ ላይ በአንድ ሼድ የነጣ ኮንሲለር ጎድጎድ ያለችው መስመር ላይ ብቻ፣ በቀጭን ብሩሽ፣ ክር በምታክል። ጥላን የሚያነሳው እሱ ነው፣ ኮሬክተር ለጥላ አይሰራም። ከአይን ስር አበጥ የሚልሽ ከሆነ ግን ነጣ ያለ ነገር እብጠቱ ላይ እንዳይወጣ፣ ብርሃን ያበጠን ነገር ይበልጥ ያሳብጠዋል።

ፓውደሩን አደራ። ሰርግ ነው፣ ፎቶ አለ፣ ፍላሽ አለ። ነጭ ሆነው የሚታዩትና «ከለር የለውም» ተብለው የሚሸጡት ፓውደሮች ውስጥ ሲሊካ የበዛባቸው አሉ፣ በአይን ምንም አይመስሉም፣ ፍላሽ ሲመታቸው ግን ከአይን ስር ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ጥቁር ቆዳ ላይ ደሞ በደንብ ነው የሚያጋልጠው። ላንቺ ከለር ያለው፣ ወደ ወርቃማ ቡናማ የሚሄድ ፓውደር፣ በጣም በትንሹ። ከመቀባትሽ በፊት ወደ ላይ እያየሽ የተሰበሰበ ኮንሲለር ካለ በጣትሽ አስተካክዪው፣ የተሰነጠቀ ላይ ፓውደር ከጣልሽ ስንጥቁን አተምሽው ማለት ነው። ከዛ ስልክሽን ይዘሽ፣ ቢውቲ የሚለውንና ፊልተሩን አጥፍተሽ፣ አንዴ በፍላሽ አንዴ በር ላይ ቆመሽ አንሺ። ሁለቱም ላይ ደህና ከሆነ ደህና ነው።

ሁለት ነገር ግን ሳልል አላልፍም። አንደኛው ክሬም ነው። «ከአይን ስር ያነጣል» እየተባሉ በትንንሽ ቱቦ የሚሸጡት ውስጥ ክሎቤታሶልን የመሰለ ጠንካራ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ። መጀመሪያ ያነጣሉ፣ ደስ ይላል፣ ግን ቆዳውን ያሳሱታል፣ የሳሳ ቆዳ ደግሞ ደም ስሩን የበለጠ ያሳያል፣ አይን አጠገብ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የአይን ግፊትና ሞራ የማምጣት አደጋም አለው። አሁን እየተቀባሽ ከሆነ ግን ዝም ብለሽ በአንዴ ከማቆም የቆዳ ሐኪም አማክሪ፣ ድንገት ሲቆም ቆዳው ሊቆጣ ይችላል። እኔ ሜካፕ ነው ሥራዬ፣ የክሬም ጉዳይ የሐኪም ነው። የሚያሳክክሽና አይንሽን የምታሺ ከሆነም እንደዛው፣ አለርጂው ሳይታከም መታሸቱ በራሱ ያጠቁራል። በአንድ አይን ብቻ ድንገት የመጣ ወይም እብጠት ያለው ጥቁረት ደሞ ኮንሲለር አይጠብቅም፣ ሐኪም ቤት ነው።

ሁለተኛው ኩል ነው። ኩል የምትኳዪ ከሆነ ቀን ላይ ወርዶ ከአይንሽ ስር የሚቀመጠው ጥቁረት ከራስሽ ጥቁረት ጋር ተደምሮ ነው የምታዪው። ማታ በውሃ ብቻ አይወጣም፣ ሜካፕ ማስለቀቂያ በጥጥ አርጥበሽ አይንሽ ላይ ትንሽ አቆዪውና ሳትፈትጊ ጥረጊው። ምንነቱ ያልታወቀ የኩል ድንጋይም ይቅርብሽ፣ እርሳስ ያለባቸው አሉ።

ስለዚ የምትገዢው ሁለት ነገር ነው፣ ወደ ጡብ ቀለም የሚሄድ አንድ ክሬም ኮሬክተርና ከጉንጭሽ ጋር እኩል የሆነ አንድ ኮንሲለር። ፈሳሽ ኮሬክተር ርካሽ ነው፣ ኤልኤ ገርል ብርቱካናማ አለው፣ ግን ለአንቺ ደመቅ ያለ ስለሚሆን ቅድም እንዳልኩሽ አጥቁሪው። የነጣውን ኮንሲለርሽን ለቀጭኗ መስመር ታቆዪዋለሽ፣ ግን ከፊትሽ ከአንድ ሼድ በላይ የነጣ ከሆነ ከአዲሱ ጋር እየቀላቀልሽ። ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ከበቃሽ ኮንሲለሩን አስቀድሚ፣ ልክሽ የሆነ ኮንሲለር ያለ ኮሬክተርም ቢሆን አመድ አያደርግሽም፣ ትንሽ ጥቁረት ይቀራል እንጂ፣ ትንሽ ጥቁረት ደሞ ከአመድ በምን ይከፋል። ከሰርጉ በፊት አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተቀብተሽ ዋይበት፣ አንዱን አይን በኮሬክተር ሌላውን ያለ ኮሬክተር፣ ከሰአት ላይ የትኛው እንደተሰነጠቀና የትኛው እንደጠቆረ እይ። ለሰርጉ ሜካፕ አርቲስት ከቀጠራችሁ የራስሽን ኮሬክተር ይዘሽ ሂጂና አሳያት፣ ሚዜ ሲበዛ ለሁሉም በአንድ ኮንሲለር የሚሰሩ አሉ።